ብድር ፈላጊ ዳቦ ቤትና የአንድ ኩንታል ሒሳብ

የንግድ ዕቅድ ይዞ ባንክ የሚሄድ የዳቦ ቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ ከፊት ባሉት ገጾች ላይ ይደክማል። የድርጅቱ ታሪክ፣ ራዕይ፣ የከተማው ሕዝብ ብዛት በሰፊው ይጻፋል። የብድር ባለሙያው ግን ሰነዱን የሚከፍተው ከኋላ፣ ከፋይናንሱ ክፍል ነው። የሚፈልገው የአንድ ነገር መልስ ነው፦ ከአንድ ኩንታል ፉርኖ ዱቄት ምን ይተርፋል? ማጠቃለያው፣ ገበያው፣ ምርቱና የሠራተኛው ክፍል የሚነበቡት ያ መልስ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከኩንታሉ ብንጀምረው ይሻላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በእንጨት ምድጃ በቀን 2 ኩንታል የሚጋግር ዳቦ ቤት አለ እንበል። ባለቤቷ የኤሌክትሪክ መጋገሪያና ማቡኪያ ማሽን ገዝታ ምርቱን ወደ 4 ኩንታል ማሳደግ ትፈልጋለች። የምትጠይቀው 2 ሚሊዮን ብር ነው። ዋጋዎቹን ለስሌት ያህል የያዝኳቸው ስለሆነ፣ አንባቢ የራሱን ከተማ የዛሬ ዋጋ ይተካበት።

100 ኪሎ ዱቄት 58 ሊትር ያህል ውኃ፣ እርሾና ጨው ሲጨመርበት ከ160 ኪሎ በላይ ሊጥ ይወጣዋል። መጋገሪያው ውስጥ ውኃው ስለሚተን፣ 100 ግራም ዳቦ ለማውጣት ሊጡ 115 ግራም ሆኖ መቆረጥ አለበት። በዚህ ልክ አንድ ኩንታል 1,390 ያህል ዳቦ ይሰጣል። የሚያርረው፣ የሚሰባበረውና ሳይሸጥ የሚያድረው ሲቀነስ 1,300 ብንል ደህና ነው። አንዳንድ ዕቅድ ላይ ከአንድ ኩንታል 1,700 እና 1,800 ዳቦ ተጽፎ ይታያል። ባለሙያው ይህን ሲያይ ወይ ዳቦው ከተባለው ግራም በታች ነው፣ ወይ ጸሐፊው ሊጥ መዝኖ አያውቅም ብሎ ነው የሚያስበው። የግራም ቁጥጥር ስላለ ሁለቱም ለብድሩ መጥፎ ምልክት ናቸው።

ግማሹ ዳቦ በራስ መስኮት በ10 ብር፣ ግማሹ ለሱቆች በ9 ብር ቢሸጥ ከኩንታሉ 12,350 ብር ይገባል። ዱቄቱ 9,000 ብር፣ እርሾ፣ ጨውና ዘይት 500፣ መብራትና ናፍጣ 450፣ ማጓጓዣና ከረጢት 250 ቢሆን ወጪው 10,200 ይደርሳል። ከኩንታሉ 2,150 ብር ተረፈ ማለት ነው። በወር 28 ቀን፣ በቀን 4 ኩንታል ሲሠራ 240,800 ብር ይሆናል። ከዚህ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ጥገናና ሌላ ቋሚ ወጪ 125,000 ብር፣ ለባለቤቷ የቤት መተዳደሪያ ደግሞ 25,000 ብር እንቀንስ። ከግብር በፊት 90,800 ብር ይቀራል። ብድሩ በ16 በመቶ ወለድ በ4 ዓመት የሚመለስ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያው 56,700 ብር ያህል ነው። እስከዚህ ድረስ ዕቅዱ ያምራል።

አሁን ዱቄት በ10 በመቶ ይጨምር። ኩንታሉ 9,900 ሲሆን የሚተርፈው ከ2,150 ወደ 1,250 ብር ይወርዳል፤ የወሩ ደግሞ ወደ 140,000። ይህ ቋሚ ወጪውን ሸፍኖ 15,000 ብር ብቻ ነው የሚያስቀረው። ለቤት አይበቃም፣ ለባንክም አይደርስም። ዱቄት በዳቦ ሽያጭ ውስጥ ከሦስት አራተኛ የማያንስ ድርሻ ሊይዝ ስለሚችል፣ ትንሽ ጭማሪ ትርፉን ጠቅላላ ይውጠዋል። ዳቦ ቤቶችን ከባንክ ጋር የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ ሰው ዳቦ መብላት አቁሞ አይደለም።

መድኃኒቱ የዳቦውን ዋጋ 1 ብር ማንሳት ነው። ከኩንታሉ 1,300 ብር ስለሚጨምር የዱቄቱን 900 ብር ይሸፍናል። ነገር ግን የዳቦ ዋጋ ዱቄት በጨመረበት ቀን አይነሳም። ሱቆቹ ያንገራግራሉ፣ ጎረቤት ዳቦ ቤት እስኪጨምር ይጠበቃል፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ይፈራል። ሁለት ወር ፈጀ እንበል። በየወሩ የሚጎድለው 66,700 ብር፣ በሁለት ወር 133,400 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ ዕቅዱ ውስጥ «ዱቄት 10 በመቶ ቢጨምር» የሚል አንድ ሠንጠረዥና ይህን ጉድለት የሚሸፍን መጠባበቂያ መኖር አለበት። ብዙ አመልካች ድክመቱን ያሳየብኛል ብሎ ይህን ገጽ ይተወዋል። ባለሙያው ግን ስሌቱን ራሱ ስለሚሠራው፣ ጉድለቱን ከነማስታገሻው ያገኘበት ዕቅድ የበለጠ ያሳምነዋል።

ሁለተኛው የሚረሳው የሥራ ማስኬጃው ነው። ዱቄት በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ሱቆች ግን የሚከፍሉት ሳምንቱ ሲያልቅ ነው። የ4 ኩንታል ምርት የአንድ ሳምንት ዱቄት 252,000 ብር፣ ሱቆች ላይ የሚያድረው ዱቤ ደግሞ 163,800 ብር ይይዛል። ዳቦ ቤቱ ግማሹን ዛሬም እያንቀሳቀሰው ስለሆነ አዲስ የሚያስፈልገው 208,000 ብር ገደማ ነው። መጠባበቂያው ሲታከልበት ከብድሩ 340,000 ብር የሚሆነው ለማሽን ሳይሆን ለዚህ መመደብ ነበረበት። ሁሉም ለማሽን ከዋለ፣ ባለቤቷ ያማረ መጋገሪያ ተክላ ዱቄት መግዣ ታጣለች።

የገበያው ክፍል አጭር ቢሆን ይመረጣል። በቀን 5,200 ዳቦ ማን ይበላዋል? የከተማው ሕዝብ ብዛት መልስ አይሆንም። «ይህን ያህል ዳቦ በየቀኑ እንወስዳለን» ብለው የፈረሙ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ግን መልስ ናቸው። ትምህርት ቤት ከተቆጠረ በክረምት እንደሚዘጋም አብሮ ይጻፍ። ሴትየዋ ኬክ ልጨምር ካለች ደግሞ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እንቁላልና ቅቤ ያለበት ኬክ እንደሚቀዘቅዝ፣ ተራው ዳቦ ግን ጾም ስለሆነ እንደሚሸጥ በወር በወር ይታይ።

ስለ ምርቱ ክፍል የማልዘለው መብራትን ነው። ትልቅ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ስሪ ፌዝ መስመር ይፈልጋል። የአካባቢው ትራንስፎርመር ይህን ጭነት እንደሚችል ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ሳይረጋገጥ ማሽን የተገዛ እንደሆነ፣ ማሽኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንደቆመ የብድሩ ክፍያ ይደርሳል። የእፎይታ ጊዜ የሚጠየቀውም መስመሩ ገብቶ ማሽኑ እስኪሞከር ያለው ጊዜ ተቆጥሮ ነው። የማሽኑ ፕሮፎርማም የሚያልፍበት ቀን አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ብድሩ እስኪጸድቅ ድረስ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ለልዩነቱ የሚሆን ከራስ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ዕቅዱ ላይ ይቀመጥ።

ቤትና ቦታ የሌለው አመልካች ማስያዣ ላይ ይቆማል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ስለዚህ የመጋገሪያውና የማቡኪያው መለያ ቁጥር፣ ዋጋና የተገዙበት ሰነድ በዕቅዱ አባሪ ሊገባ ይችላል። ምን ያህሉን እንደሚቀበል የሚወስነው ባንኩ ነው።

ይህ ሁሉ ከቀረበ በኋላ ባለሙያው ዳቦ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። ጠንቃቃው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ ይደርሳል። አንድ ዳቦ አንስቶ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ጓሮ ዞሮ ባዶ የዱቄት ጆንያዎችን ይቆጥራል። በቀን 2 ኩንታል እጋግራለሁ ብሎ የጻፈ ሰው በሳምንት ባለ 50 ኪሎ 28 ጆንያ፣ ከነግዢ ደረሰኙ ማሳየት አለበት።