የኢትዮሳት ሥርጭትን ለመቀበል የሳተላይት ዲሽን ማስተካከል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር ባደረገው ስምምነት ነው። ሥርጭቱን የሚያስተላልፈው ኤን.ኤስ.ኤስ.-12 የተባለ ሳተላይት ሲሆን፣ ከምድር ወገብ በላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ይገኛል። ቀደም ሲል በብዙ ቤቶች ዲሹ ይመለከት የነበረው በ7 ዲግሪ ምዕራብ የሚገኘውን ናይልሳትን ነው። ስለሆነም አሮጌውን ዲሽ ለኢትዮሳት ለማዋል ሪሲቨሩን እንደገና ማስፈለግ ብቻ አይበቃም፤ ዲሹን ራሱን ማዞር የግድ ነው።

የሚከተለው ማብራሪያ በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለን አንድ መኖሪያ ቤት በምሳሌነት ይወስዳል። ኮምቦልቻ ከደሴ በከፍታ ዝቅ ያለች ብትሆንም ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ በመሆኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአቅጣጫ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። ከዚህ በታች የተሰጡት ልኮች ለሁለቱም ያገለግላሉ።

አቅጣጫና ከፍታ

ከደሴ ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ኢትዮሳት ግን ያለው በደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከሰሜን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ሲቆጠር 122 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከፍታው ደግሞ ከአድማስ 66 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ደሴን የከበቡት ተራሮች ለኢትዮሳት መሰናክል አይሆኑም። ሊከልል የሚችለው ቅርብ ያለ ነገር ነው፦ የጎረቤት ፎቅ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የራስ ቤት ጣሪያ ክፈፍ። ከዲሹ ፊት ለፊት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ግድግዳ ከዲሹ በላይ 2 ሜትር እስካልዘለለ ድረስ አይከልልም።

አቅጣጫውን በተንቀሳቃሽ ስልክ ኮምፓስ ማግኘት ይቻላል። ሆኖም የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት ምሰሶ ኮምፓስን ስለሚያሳስቱ፣ ከእነርሱ ራቅ ብሎ ለክቶ በዚያ አቅጣጫ የሚታይ አንድ ምልክት መያዝ ያስፈልጋል።

ምሰሶውና ዲሹ

ከሁሉ አስቀድሞ ምሰሶው በውሃ ልክ ወይም በቱምቢ ተለክቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ምሰሶው ካዘመመ በዲሹ መያዣ ላይ የተጻፉት የዲግሪ ቁጥሮች እውነተኛውን ከፍታ አያሳዩም፤ ዲሹ ወደ ጎን በዞረ ቁጥርም ከፍታው ይለወጣል።

መያዣው በ66 ላይ ከተደረገ በኋላ ዲሹ ሲታይ የሚጠበቀውን ያህል ወደ ላይ ያንጋጠጠ አይመስልም። በየቤቱ የሚገኘው ዲሽ ሞገዱን የሚሰበስበው ከፊቱ አቅጣጫ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለ ቦታ ስለሆነ ይህ ስሕተት አይደለም። የዓይን ግምትን ትቶ በመያዣው ላይ ያለውን ቁጥር ማመን ይገባል።

ኤል.ኤን.ቢ.ን ማዞር

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ከደሴ ሲታይ የሳተላይቱ ሞገድ ዘንበል ብሎ ስለሚደርስ፣ ኤል.ኤን.ቢ. ቀጥ ብሎ ቢታሰር አግድምና ቀጥታ ተብለው የሚለዩት ሞገዶች ይቀላቀሉበታል። ከዲሹ ፊት ቆሞ ዲሹን ለሚያይ ሰው፣ የኤል.ኤን.ቢ. ኬብል የሚገባበት ጫፍ በሰዓት ፊት ላይ 6 ቁጥር ካለበት ወደ 8 ቁጥር አቅጣጫ መዞር አለበት። ይህም 57 ዲግሪ ያህል ነው። የመጨረሻው ማስተካከያ የሚደረገው ግን በሪሲቨሩ ንባብ ነው።

የሪሲቨሩ ዝግጅት

ኬብል በሚገጠምበት ጊዜ ሪሲቨሩ ከኤሌክትሪክ መነቀል አለበት። በኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው የመከለያ ሽቦ ከመካከለኛው መዳብ ጋር ከተነካካ ሪሲቨሩን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያም በሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ የሚከተለው ይሞላል፦

LNB Type፦ Universal (9750/10600)
DiSEqC፦ Off (አንድ ኤል.ኤን.ቢ. ብቻ ሲኖር)
TP፦ 11105 H 45000

ሁለተኛው ሞገድ 11165 H 45000 ነው። ሥርጭቱ በአዲሱ የዲ.ቪ.ቢ.-ኤስ2 ሥርዓት ስለሚተላለፍ፣ የቀድሞውን ሥርዓት ብቻ የሚያነብ አሮጌ ሪሲቨር ዲሹ በትክክል ቢስተካከልም ሊያሳይ አይችልም።

ፍለጋው

በማያ ገጹ ላይ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። Strength የሚለው ኤል.ኤን.ቢ. ኃይል አግኝቶ መሥራቱን ይናገራል፤ ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ቢያይም ከፍ ሊል ስለሚችል በእርሱ መታለል አይገባም። ሳተላይቱ መገኘቱን የሚያረጋግጠው Quality ብቻ ነው።

ዲሹን ከምልክቱ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ አድርጎ፣ በጣም በዝግታ ወደ ቀኝ መግፋት ይጀመራል። ሪሲቨሩ ሞገዱን ለመያዝ ጥቂት ሰከንድ ስለሚያስፈልገው በየእንቅስቃሴው ቆም ማለት ያሻል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዲሽ ላይ ጠርዙ በ1 ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ አቅጣጫው ከ1 ዲግሪ በላይ ይለወጣል። Quality ካልተገኘ ከፍታውን በ1 ዲግሪ ለውጦ ፍለጋውን መድገም ነው። ሳተላይቱ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ በደሴ የከፍታ ስሕተት ከጎን ስሕተት ይበልጥ ይጎዳል።

Quality ከታየ በኋላ ከፍተኛው ንባብ እስኪገኝ በመጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ በከፍታ፣ በመጨረሻም ኤል.ኤን.ቢ.ን በጥቂቱ በማዞር ይስተካከላል። ብሎኖቹ በየተራ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ አንዱ በአንድ ጊዜ ቢጠብቅ ዲሹን ስቦ ያዛንፈዋል። በዚህ ጊዜ Search ተጭኖ ጣቢያዎቹ ይመዘገባሉ።

ችግሩን ከምልክቱ መለየት

Strength ራሱ ዜሮ ከሆነ ችግሩ ከአቅጣጫው ሳይሆን ከኬብሉ፣ ከኮኔክተሩ ወይም ከኤል.ኤን.ቢ. ነው። Quality አለ ነገር ግን ዝቅተኛ ሆኖ ምስሉ ከተቆራረጠ በቅድሚያ የኤል.ኤን.ቢ. ዙር ይፈተሻል። በጥሩ አየር የሚሠራ ሆኖ በከባድ ዝናብ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ ከከፍተኛው ንባብ ጥቂት ዝንፍ ብሎ ታስሯል፣ ወይም ስፋቱ አንሷል ማለት ነው።

ዲሹን መነካካት የማያስፈልግበት አንድ ሁኔታም አለ። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ በቀጥታ ስለምታልፍ ሥርጭቱ በተከታታይ ጥቂት ቀናት ለጥቂት ደቂቃዎች ሊቋረጥ ይችላል። በደሴና በኮምቦልቻ ይህ የሚያጋጥመው በመስቀል በዓል ሰሞን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ፣ እንዲሁም በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ሥርጭቱ ራሱ ይመለሳል። ኮምፓስ የሌለው ሰውም በእነዚህ ቀናት በተጠቀሰው ሰዓት ፀሐይ ያለችበትን አቅጣጫ በጥላ ቢለካ የኢትዮሳትን ትክክለኛ ቦታ ያገኛል። ይሁንና ፀሐይን በዓይን በቀጥታ መመልከት አይገባም።