ሦስት ወረቀት፣ ሁለት ቁጥር

ላሊበላ ውስጥ አንድ ሰው ባጃጅ ሊገዛ ነው እንበል። ውሉ የሻንሲው ቁጥር መጨረሻ 4719 ነው ይላል። ከውሉ ጋር የተያያዘው ዝርዝር ግን 4179 ይላል። የቀብዱ ደረሰኝ ደግሞ መልሶ 4719። ሁለቱ ስለተስማሙ ልክ ናቸው አትበሉ፤ ይህ እኮ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ደረሰኙ ከውሉ ሲገለበጥ ስሕተቱንም አብሮ ገልብጦ ይሆናል።

ሊብሬውን ያዙና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንድ በአንድ አንብቡ። ሁለቱም 4179 ካሉ ውሉም ደረሰኙም ይታረም። ብረቱና ሊብሬው ካልተስማሙ ግን ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ። ውሉ ላይ ሰርዞ ማረም ካስፈለገ ሻጭ፣ ገዢና ሁለቱ ምስክሮች ከእርማቱ አጠገብ ይፈርሙ። ጊዜ ካለ ግን እንደገና ማጻፉ ይሻላል።