መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ረዝሟል

ሁለት ጀሪካኖች አሉ እንበል፤ አንዱ 3፣ ሌላው 5 ሊትር የሚይዙ። ልኬት የሚያሳይ መስመር የላቸውም፤ ቧንቧው ግን አጠገብ ነው። የሚፈቀደው መሙላት፣ መድፋትና ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ብቻ ነው። 4 ሊትር ለማግኘት በትንሹ ስንት እርምጃ ይፈጃል?

እንቆቅልሹ የቆየ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊ ግን የግራፍ ጥያቄ ነው፦ ጀሪካኖቹ በአንድ ጊዜ የያዙት መጠን አንድ ነጥብ፣ አንድ መሙላት ወይም መድፋት ደግሞ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚወስድ መስመር ነው።

በጥልቀት የሚፈልገው ዘዴ አንዱን መንገድ ይዞ መሄጃ እስኪያጣ ይገሰግሳል፤ ሲዘጋበት ይመለሳል። ሲዞር እንዳይውል የረገጠውን ነጥብ ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። «መሙላትን አስቀድም» ብለን ብንለቀው ትንሹን ይሞላል፣ ትልቁን ይሞላል፣ ከዚያ ትንሹን ይደፋል። አስቂኝ ነው፤ ከመነሻው ትልቁን ብቻ ቢሞላ በ1 እርምጃ የሚደርስበት ቦታ በ3 ደረሰ። ከዚያ ከትልቁ ትንሹን ሞልቶ ይደፋዋል፣ በትልቁ የቀረውን 2 ሊትር ወደ ትንሹ ያዛውራል፣ ትልቁን እንደገና ይሞላል፣ ትንሹ እስኪሞላ 1 ሊትር ይቀንስለታል። ትልቁ ውስጥ 4 ሊትር ቀረ። 8 እርምጃ።

ስህተቱ የሚደበቀው እዚህ ነው። 4 ሊትሩ በእርግጥ ተገኝቷል፤ ፕሮግራሙ አልተሰናከለም። ወደ መነሻው ተመልሶ ፍለጋውን ቢቀጥል እንኳ «ትልቁ ሙሉ፣ ትንሹ ባዶ» የሚለው ነጥብ ምልክት ስላለበት አቋራጩን አይገባበትም። ምልክቱን እያነሳ ሁሉንም መንገድ ይሞክር ቢባል፣ ግራፉ ሲሰፋ የመንገዱ ብዛት መጨረሻ የለውም።

በስፋት የሚፈልገው ዘዴ ነጥቦቹን ወረፋ ያስይዛል። በ1 እርምጃ የሚደረስባቸውን ሁሉ ሳይጨርስ በ2 ወደሚደረስባቸው አያልፍም። ስለዚህ 4 ሊትርን መጀመሪያ የሚያየው በ6ኛው እርምጃ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ቢኖር ኖሮ ቀድሞ ባገኘው ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሙርም ዘዴውን በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ከውስብስብ መተላለፊያ የሚያወጣውን አጭሩን መንገድ ለማግኘት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ውስጥ «በትንሹ»፣ «አጭሩ» የሚል ካዩና እያንዳንዱ እርምጃ እኩል የሚቆጠር ከሆነ፣ ወረፋውን ያዙ። «ይቻላል ወይስ አይቻልም» ብቻ ከሆነ ጥልቀቱም ይበቃል። በ3 እና በ6 ሊትር ጀሪካን 4 ሊትር አይገኝም፤ ይህን ሁለቱም ዘዴዎች ያረጋግጣሉ።

«እኩል» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት። ባለ 6 እርምጃው መንገድ ትልቁን ሁለት ጊዜ ስለሚሞላ ከቧንቧው 10 ሊትር ይቀዳል። ትንሹን ሦስት ጊዜ እየሞሉ ወደ ትልቁ በመገልበጥ የሚሄደው ሌላ መንገድ 8 እርምጃ ቢሆንም የሚቀዳው 9 ሊትር ነው። ውሃው በሊትር የሚከፈልበት ከሆነ ወረፋው ውዱን ይዞላችሁ ይመጣል፤ ያኔ የሚያስፈልጋችሁ የዳይክስትራ ዘዴ ነው።