«ሆልድ ሆኗል» ደብዳቤ ላይ ምን ይባላል?

አንድ የቢሮ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት አለ እንበል። 80 የቢሮ ወንበሮችን ለደንበኛው ሊያስረክብ ውል ገብቷል። ቀኑ ረቡዕ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ዓርብ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ከአለቃዋ ጋር በቴሌግራም ይጻጻፋሉ።

«የክላየንቱ ኦርደር አፕዴት አለው?» ትላለች።

«60ው ቼር ገብቷል። 20ው ከስተምስ ላይ ሆልድ ሆኗል፣ ዶክመንት ሚሲንግ ነበር፣ ትናንት ሰብሚት ተደርጓል።»

«ዴድላይኑ እኮ ፍራይዴይ ነው! ምን ልበላቸው?»

«60ውን ቱሞሮው አት 2 ዲሊቨር እናድርግ፣ ሬስቱን ኔክስት ዊክ ማክስ። ባላንሱንም ሪማይንድ አድርጊያቸው። ሶሪ በያቸው በቃ፣ ፎርማል ሌተር ጻፊ።»

ሁለቱ ተግባብተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ጽሑፍ የድርጅት ማኅተም ሊያርፍበት ሲሆን ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ቃል መተካት ነው። ይህ ለስሞች ይሠራል፤ ቼር ወንበር፣ ከስተምስ ጉምሩክ፣ ዶክመንት ሰነድ ይሆናል። ግሱ ላይ ሲደረስ ግን ያስቸግራል። በቻት አማርኛ የእንግሊዝኛው ግስ ብቻውን አይቆምም፤ «አደረገ»፣ «ሆነ» ወይም «አለ» ይደገፍበታል። «ዲሊቨር እናድርግ» ከሚለው ውስጥ ዲሊቨርን ብቻ አውጥቶ የተካ ሰው «የማድረስ ሥራ እናከናውናለን» ብሎ ይጽፋል። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አሁንም ክራንች ይዞ ነው የሚሄደው። መነሳት ያለባቸው ሁለቱም ቃላት ናቸው፤ በቦታቸው አንድ ግስ ይገባል። «ሰብሚት ማድረግ» ማቅረብ ነው፣ «ሆልድ መሆን» መያዝ፣ «ሪማይንድ ማድረግ» ማስታወስ።

ዲሊቨር ግን አንድ ምርጫ ያስከትላል፦ ማድረስ ነው ወይስ ማስረከብ? ዕቃውን በር ላይ ያወረደ ሰው አድርሷል። ተቆጥሮ፣ ታይቶና ተፈርሞበት ሲወሰድ ነው የተረከቡት። ውሉ ላይ «ማስረከብ» ተብሎ ከተጻፈ ደብዳቤው ከዚያ ቃል መውጣት የለበትም። «አድርሰናል» ብሎ የጻፈ ድርጅት ግዴታውን ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም የሚል ክርክር በገዛ እጁ ይከፍታል። ስሞቹም እንዲሁ ናቸው። ውሉ «የቢሮ ወንበር» ካለ ደብዳቤው አንዴ ወንበር፣ አንዴ መቀመጫ፣ አንዴ «ዕቃው» እያለ ሊለዋውጥ አይገባም። ትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍ ቃል እንዳንደግም ተነግሮናል፤ የንግድ ደብዳቤ ላይ ግን መድገሙ ነው የሚሻለው።

ከቃል ምርጫ ይልቅ ግን ዋጋ የሚያስከፍለው ቻቱ ሳይናገር ያለፈው ነገር ነው። «አት 2» የሚለውን እንይ። አለቃው «2 ሰዓት» ቢል ጧት እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። «አት 2» ሲል ግን በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። በመካከሉ 6 ሰዓት አለ፤ የደንበኛው ተረካቢ ጧት ቆሞ ይጠብቃል፣ መኪናው ከምሳ በኋላ ይደርሳል። ይህን መዝገበ ቃላት አይፈታውም፤ ስልክ መደወል ግድ ነው። «ቱሞሮው» እና «ኔክስት ዊክ»ም ደብዳቤው በሚነበብበት ቀን ሌላ ቀን ይሆናሉ። ስለዚህ የቀን ስም፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት አብረው ይጻፋሉ። «ማክስ» ደግሞ ግምት ነው ወይስ ቃል ኪዳን? ግምት ከሆነ «ለማስረከብ አቅደናል» ይባላል፤ ቃል ኪዳን ከሆነ «እናስረክባለን»።

«ዶክመንት ሚሲንግ ነበር» ከሁሉም ይከብዳል። ማን ነው ያላሟላው? ቻቱ አይናገርም፤ የቢሮ አማርኛ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ቦታ የተዘጋጀ መሸሸጊያ አለው፦ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት»። ሐረጉ ከእጅ የማይጠፋ ስለሆነ እንደ ጨዋ ይቅርታ ተቆጥሯል፤ በሕግ ፊት ግን ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። የተረሳ ወረቀት እዚህ ውስጥ አይገባም። በዚህ ቦታ ያንን ሐረግ የጻፈች ሠራተኛ ቻቱን ወደ መደበኛ ቋንቋ አልቀየረችም፤ ቻቱ ውስጥ ያልተባለ ነገር ነው የጨመረችው።

ሠራተኛዋ ደወለች። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ነው። ሰነዱን ያላሟላው የራሳቸው ድርጅት ነው። የ20ው ወንበር ቀን ከኅዳር 12 አያልፍም፤ አለቃው በዚህ ቃል ገብቷል። ውሉን ስታገላብጥ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘች፦ «ባላንሱ»፣ ማለትም ቀሪው ክፍያ፣ የሚፈጸመው 80ውም ወንበሮች ከተረከቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ክፍያውን የማስታወሱ ነገር ከደብዳቤው ወጣ። ዕቃ ያዘገየ ድርጅት በዚያው ገጽ ገንዘብ ቢጠይቅ ይቅርታውን ማን ያምነዋል?

ቀኑ፣ የደብዳቤው ቁጥርና የተቀባዩ ድርጅት ስም በቦታቸው ከገቡ በኋላ የተጻፈው ይህ ነው፦

ጉዳዩ፦ የቢሮ ወንበሮች ርክክብን ይመለከታል

ከድርጅታችሁ ጋር በገባነው ውል መሠረት 80 የቢሮ ወንበሮችን እስከ ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማስረከብ ይጠበቅብናል። ከእነዚህ ውስጥ 60ዎቹ ስለገቡ ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በቢሯችሁ እናስረክባለን። ቀሪዎቹ 20 የቢሮ ወንበሮች ማቅረብ የነበረብንን አንድ ሰነድ ባለማሟላታችን በጉምሩክ ተይዘዋል። ሰነዱን ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. አቅርበናል። ወንበሮቹንም እስከ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. እናስረክባለን። ስለ መዘግየቱ ድርጅታችሁን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

«ድርጅታችሁ» ብሎ የጀመረው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው «ድርጅታችሁ» እንዳለ ልብ ይሏል። የሚጻፈው ለአንድ ሥራ አስኪያጅ በስማቸው ቢሆን ኖሮ «እርስዎ» እና «ድርጅትዎ» ይሆን ነበር፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግን ደብዳቤው ከሁለት ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ያስመስለዋል። አማርኛ ያልሆነ ቃል ሁሉ መውጣት አለበት ማለት ግን አይደለም። ኮንቴነር ወይም ባንክ ብሎ የሚጽፍ ሰው ደብዳቤውን አያበላሽም፤ ተቀባዩ በሌላ ስም አያውቃቸውምና። «ኢንቮይስ»ን ለማስወገድ ብሎ «ደረሰኝ» የጻፈ ግን ሊሳሳት ይችላል። ክፈሉ ብሎ የሚጠይቅ ወረቀትና ተከፍሏል ብሎ የሚመሰክር ወረቀት አንድ አይደሉም፤ «የክፍያ መጠየቂያ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ደብዳቤው ለፊርማ ሲቀርብ የቴሌግራሙን ልውውጥ ከጎኑ አድርጎ ቁጥሮቹንና ቀኖቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በስልክ የተገኘውንም መልስ እዚያው ቻቱ ላይ ጽፎ «ትክክል ነው?» ብሎ ማስረገጥ ያስፈልጋል። ኅዳር 12 ደርሶ ወንበሮቹ ካልመጡ፣ ያን ቀን ማን እንደሰጠ የሚጠየቀው ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ነው።