የብረት መብሻ ፕሬስና የፍላይዊል ክብደት

20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በ10 ሚሊሜትር የብረት ላሜራ ላይ ለመብሳት 1,250 ጁል ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል እንበል። ፕሬሱ በየ2 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ቢበሳ፣ የግጭት ብክነት ሳይታሰብ 625 ዋት ሞተር ይበቃዋል። ችግሩ ብረቱ የሚበሳው በዑደቱ አንድ አምስተኛ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ 250 ጁል ብቻ ይሰጣል፤ ቀሪውን 1,000 ጁል ፍላይዊሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ያወጣል፣ በቀሪው ጊዜም መልሶ ያከማቻል።

ፍላይዊሉ በደቂቃ 300 ጊዜ የሚዞር ከሆነና የፍጥነቱ መዋዠቅ ከአማካዩ 10 በመቶ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ ስሌቱ ይህ ነው፦

I = ΔE / (C·ω²) = 1000 / (0.1 × 31.4²) ≈ 10 kg·m²

ክብደቱ ከመሃል 40 ሴንቲሜትር ርቆ ጠርዙ ላይ ከተሰበሰበ 63 ኪሎ ግራም ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን 16 ኪሎ ይበቃል፤ ሆኖም የሚሽከረከረውን ጠርዝ የሚወጥረው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ከመጠን በላይ የፈጠነ የካስት አይረን ፍላይዊል ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩም በጭነት ጊዜ ፍጥነቱ ዝቅ የሚል ዓይነት መሆን አለበት፤ ያለዚያ ሸክሙን ለፍላይዊሉ ሳይተው ራሱ ተሸክሞ ይግላል።