«አሎ፣ አሎ» ለሚል ደዋይ ክሊኒኩ ምን ይበለው?

በአዲስ አበባ ያለ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ እንበል። ለሪሴፕሽን ሠራተኞቹ ሥራ ለማቅለል ሲል ስልኩን የሚቀበል የተቀረጸ ድምፅ አስገብቷል። ድምፁ «እንኳን ወደ ክሊኒካችን በደህና መጡ፤ እባክዎ የደወሉበትን ምክንያት በአጭሩ ይናገሩ» ይላል። የክሊኒኩ ኃላፊዎች ቅጂዎቹን ሲያዳምጡ ግን ከብዙዎቹ የረባ ቃል አያገኙም። አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው «አሎ፣ አሎ» እያለ ይቆያል፣ ሌላዋ አጠገቧ ካለ ሰው ጋር ታወራለች። ሥርዓቱ ለሁሉም «ምርጫዎ ትክክል አይደለም» ብሎ ይዘጋል።

እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን ደዋዩ ላይ ማድረግ ቀላል ነው። ቅጂዎቹን በየዓይነታቸው ለይቶ ያዳመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ይረዳል። ዝም ያለው ሰው የሚያወራው ማሽን መሆኑን ስላላወቀ፣ የሰው ድምፅ እየጠበቀ ነው። «አሎ» የሚለው በአገሩ ልማድ መሠረት መጀመሪያ ሰላምታ መለዋወጥ ይፈልጋል፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ መልስ ሲጠብቅ ማሽኑ ሰላምታውን እንደ መልስ ቆጥሮ «አልገባኝም» ይለዋል። ረጅም ታሪክ የሚጀምረውም አለ፤ «ልጄ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ…» ሲል ሥርዓቱ መሐል ላይ ያቋርጠዋል። የተጠየቀው «ምክንያትዎን ይናገሩ» ነውና የታመመ ልጅ የያዘች እናት ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

ከዚህ ላይ የስልኩ መስመር ራሱ ይጨመራል። የተለመደው የስልክ መስመር በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ድምፆች የሚለዩበት ትልቁ ክፍል ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። «ሦስት» እና «ስድስት» መነሻቸውም መድረሻቸውም ስለሚመሳሰል፣ ስፒከር በተከፈተበትና ታክሲ በሚያልፍበት ቦታ ሲነገሩ ለሰው ጆሮም ያስቸግራሉ። ስለዚህ ደዋዩ ቁጥር እንዲናገር ሳይሆን እንዲጫን መጠየቅ ይሻላል። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፆችን አጣምሮ ስለሚልክ ጫጫታ በቀላሉ አያሳስተውም። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥራ የጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መረጃ አገልግሎትም የሚሠራው በቁጥር መጫን ነው፤ ተራ ስልክ የያዘ አርሶ አደር በቋንቋው ምክር እየሰማ የሚፈልገውን ይመርጣል።

መጫንም ቢሆን ለሁሉም አይመችም። ቁልፉን ለማየት ስልኩን ከጆሮ ማራቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ምርጫ ያመልጣል። በዘመናዊ ስልክ ላይ ደግሞ በጥሪ መሐል ቁጥሮቹን እንዴት እንደሚያወጡ የማያውቁ አረጋውያን ብዙ ናቸው። የእንኳን ደህና መጡ መልእክት ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፦ ምንም ማድረግ ያልቻለ ሰው የት ይደርሳል?

ጥያቄው የሕክምና ጥያቄም ነው። በድንገት የሚንተባተብ ንግግር፣ የተጣመመ አፍ፣ የዛለ ክንድ የስትሮክ ምልክቶች ናቸው። በደም ሥር መዘጋት ለሚመጣው ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስኳሩ በጣም የወረደበት ሰውም ቃላቱ ይደበላለቃሉ፤ አስም የያዘው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለመናገር ያልቻለው ሰው ብዙ ጊዜ እርዳታው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው። ማሽኑ «አልገባኝም» ብሎ ከዘጋው ምልክቱን ሰምቶ ትቶታል ማለት ነው።

መናገር የማይፈልግም አለ። የሚደበድባት ሰው ጎኗ ተቀምጦ የምትደውል ሴት ድምፅ ማውጣት አትችልም። በብሪታንያ ፖሊስ ይህን አስቦ ከ2002 ጀምሮ የሚሠራበት አሰራር አለው፤ ከሞባይል ወደ 999 የደወለ ሰው ዝም ካለ ኦፕሬተሩ እንዲስል ወይም ስልኩን እንዲያንኳኳ ይጠይቀዋል፤ ያም ካልሆነ 55ን እንዲጫን ይነገረዋል፤ ከተጫነ ጥሪው ወደ ፖሊስ ይተላለፋል። ክሊኒክ ፖሊስ ባይሆንም ሐሳቡን መውሰድ ይችላል፤ ሠራተኛዋ «መናገር ካልቻሉ ለአዎ አንዴ፣ ለአይደለም ሁለቴ ያንኳኩ» ብላ ጥያቄዋን በአዎና በአይደለም መለወጥ ትችላለች።

እንግዲህ ያ ክሊኒክ መልእክቱን እንደገና ቢጽፈው እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህ የክሊኒኩ ስልክ ነው፤ አሁን የሚሰሙት የተቀረጸ ድምፅ ነው። ትንፋሽ ያጠረው፣ አፉ የተጣመመ ወይም ብዙ ደም የሚፈስሰው ሰው ካለ 0ን ይጫኑ። ለቀጠሮ 1ን ይጫኑ። ለላብራቶሪ ውጤት 2ን ይጫኑ። መጫን ካልቻሉ ስልኩን አይዝጉ፤ ሰው ያነሳልዎታል።»

ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ሰላምታው ልማዱን ያከብራል፣ ማሽን መሆኑ መነገሩ ደዋዩ በከንቱ እንዳይጠብቅ ያደርጋል፣ አደጋው ከቀጠሮ ይቀድማል፣ በየምርጫው መሐል አጭር ዕረፍት አለ። ምንም ያላደረገ ሰው ግን የሚወድቅበት ጉድጓድ አይኖርም። ብዙ ሥርዓቶች ከመልእክቱ በኋላ አምስት ወይም ሰባት ሰከንድ ያህል ብቻ ይጠብቃሉ፤ ለሽማግሌ ይህ ያጥራልና ማራዘም ይገባል።

ሰውየው አሁንም ዝም ካለ ያንኑ መልእክት መድገም ዋጋ የለውም፤ በመጀመሪያ ያልረዳው ቃል በሁለተኛው አይረዳውም። ዝምታ ከሆነ «መስመሩ ላይ ነዎት፤ ሠራተኛ እያገናኘንዎት ነው» ማለት ይበቃል። ጫጫታ ከሆነ «ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አልተለየም። ቁጥር መጫን ወይም መጠበቅ ይችላሉ» ይባላል። «የተሳሳተ ምርጫ» የሚለው አገላለጽ ከሁለቱም መውጣት አለበት። ሁለት ጊዜ ካልተሳካ ወደ ሰው ማስተላለፍ ነው፤ ሦስተኛ ሙከራ ደዋዩን ከማስመረር ሌላ አይጠቅምም።

ሰው የሌለበት ሰዓት ግን የራሱ መልእክት ያስፈልገዋል። ማታ ማንም በማያነሳበት ክሊኒክ «ሰው ያነሳልዎታል» ማለት ከዝምታም የከፋ ነው። በዚያ ሰዓት የሥራ ሰዓቱን መናገርና ለድንገተኛ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መኖሩን ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ማስታወቅ ይገባል።

ጥሪው ከተቋረጠ መልሶ መደወልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለብዙ ሰው ነው፤ ያነሳው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛዋ «ከዚህ ስልክ ተደውሎልን ነበር» ትበል እንጂ ውጤትም ሆነ የክፍል ስም አትጥራ። የጎረቤት ጆሮ ብዙ ትዳር አፍርሷል።

ይህን ለማሻሻል የሚያስብ የክሊኒክ ኃላፊ ካለ የሚከተለውን ያድርግ። ከታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ስፒከር ከፍቶ፣ አንድም ቁልፍ ሳይጫንና አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ራሱ ክሊኒክ ይደውል። ከዚያም መልእክቱን ሰምቶ የማያውቅ አንድ አረጋዊ አጠገቡ እንዲደውል ያድርግ። ከሁለቱ አንዱ ሰው ሳያገኝ መስመሩ ከተዘጋ፣ መልእክቱ ገና አላለቀምና ዛሬውኑ ያስተካክለው።