ባለ አንድ ገጹ በጀት

ገራዶ ከደሴ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኝ፣ በወንዙ ስም የሚጠራ ሸለቆ ነው። ዙሪያው ተዳፋት ስለሆነ ክረምት ላይ ጎርፉ አፈር ጭኖ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ደግሞ ገበሬው ወንዙን እየጠለፈ ማሳውን በቦይ ያጠጣል። እንዲህ ባለ አገር ቦይ ይሰነጠቃል፣ ደለል ይሞላዋል፣ ጠለፋው በጎርፍ ይነቀላል። ስለዚህ «ቦያችን ይታደስልን» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ከጥያቄው ጋርም በጀት የሚባለው ወረቀት አብሮ ይሄዳል።

ወረቀቱን የሚያዘጋጁት መሐንዲስና የፋይናንስ ባለሙያ ናቸው። የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። የወረዳ ምክር ቤት አባላት ከየቀበሌው የተመረጡ ገበሬዎች፣ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ የኑሮን ሒሳብ ከባለሙያው በላይ ያውቃሉ፤ የሒሳብ መደብ ኮድ ግን አያውቁም፣ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። ችግሩ የሚጀምረው ባለሙያው ለኦዲተር ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ እንዳለ ለእነዚህ ሰዎች ሲያነብላቸው ነው። ቁጥሩ ይነበባል፣ አዳራሹ ዝም ይላል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። ያ ዝምታ መስማማት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን አባላቱ የሚጠይቁት ስላጡ ነው ዝም የሚሉት፤ ጥያቄው የሚመጣው በጀት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ፣ ገንዘቡ አልቆ ውሃው ሳይደርስ ሲቀር ነው።

በጀትን ለተራ ሰው በሚገባ መንገድ የማቅረብ ሙከራ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሲጀመር፣ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባል ክፍል ነበረው። በዚህም የወረዳዎች በጀትና ወጪ በቀላል ቅጽ ተዘጋጅቶ ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ተደረገ። ጥሩ ሥራ ነበር። ሰሌዳው ግን የሚመልሰው «ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት ተመደበ» የሚለውን ነው። ገና የሚወስን ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ማወቅ የሚፈልገው ብሰጥ ምን አገኛለሁ፣ ብቀንስ ምን ይቀራል የሚለውን ነው።

ለዚህ ከቢሮ ይልቅ የወሎ ቅሬ የተሻለ አርአያ ነው። የቅሬ ገንዘብ ያዥ ሲያስረዳ የገባውን፣ የወጣውንና በእጅ ያለውን ይናገራል። መዝገቡ ጎኑ ተቀምጧል፤ የተጠራጠረ ካለ ይገለጥለታል። ሰሚው ለመወሰን የሚያስፈልገውን ያህል ይሰማል፣ ቀሪው ግን አልተደበቀበትም። ለሚወስነው ሰው በአንድ ገጽ ተጠቃሎ የሚቀርበው በጀት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

እስቲ አንድ ቦይ ይዘን እንየው። የሚከተለው ለማሳያ የተሠራ ስሌት እንጂ የአንድ ቀበሌ ሰነድ አይደለም። 120 አባወራና እማወራ የሚጠቀሙበት 600 ሜትር የአፈር ቦይ አለ። ጠለፋው ሊጠገን፣ ቦዩ በድንጋይና በሲሚንቶ ሊገነባ ነው። መሐንዲሱ 38 መስመር ያለው ዝርዝር አዘጋጅቶ 6,842,315 ብር ላይ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ 912,000 ብሩ ተጠቃሚው በጉልበት የሚሸፍነው ነው፤ ስለዚህ ከወረዳው የሚጠየቀው 5,930,315 ብር ይሆናል።

በገጹ ላይ የሚሰፍረው ግን «ከወረዳው የምንጠይቀው 5.9 ሚሊዮን ብር ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሠላሳ ሺው ለውሳኔው ምንም አይጨምርም። እንዲያውም እስከ መጨረሻዋ ብር የተጻፈ ግምት ሰሚውን ያሳስታል፤ ገና ያልተገነባ ቦይ ወጪው እስከ አምስት ብር ድረስ የታወቀ ያስመስላል። በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሰው ሰባት አኃዝ ሲነበብለት የሚይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በቁጥሩ ውስጥ መኖሩ በግልጽ ይነገር። ታክሱ ተረስቶ የጸደቀ በጀት ጨረታ ሲከፈት ነው ጉድለቱ የሚታየው፤ ከዚያ ወዲያ ቦዩ ያጥራል ወይም አቅራቢው በድጋሚ ምክር ቤት ይቆማል።

የሕዝቡ ድርሻስ? 912,000 ብር ብሎ መጻፍ ስህተት አይደለም፣ ግን ማንም አያየውም። ይህ ቁጥር የመጣው እያንዳንዱ ቤት 19 የሥራ ቀን ሰጥቶ ቀኑ በ400 ብር ሲሰላ ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ «እያንዳንዱ ቤት 19 ቀን ይሠራል» ተብሎ ይጻፍ። 19 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ገበሬው በደንብ ያውቃል። «በአጨዳ ሰዓት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ከ38ቱ መስመር አንዱም ያላነሳው፣ ፕሮጀክቱን ግን ሊያቆመው የሚችል ጥያቄ ነው።

ከዚያ የ5.9 ሚሊዮኑ አከፋፈል ይመጣል። 38ቱ መስመሮች በሚሠራው ነገር ይጠቃለላሉ እንጂ በሒሳብ መደብ አይደለም። ለቦዩ 3.6 ሚሊዮን፣ ለጠለፋው 1.4 ሚሊዮን፣ ለበሮች፣ ለጉዞና ለቁጥጥር 0.4 ሚሊዮን፣ ለመጠባበቂያ ግማሽ ሚሊዮን። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ድንጋይና የግንበኛ ክፍያ ለየብቻ አይጠሩም፤ ሁሉም ቦዩ ውስጥ አሉ። አራት ክምር ሰው በጣቱ ይቆጥረዋል። «ሌሎች» የሚባል ክምር ግን አይኑር። ሰው ተጠራጥሮ የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው፣ ሲያቆምም ልክ ነው። 0.4 ሚሊዮኑ ውስጥ አብዛኛው የመኪና ኪራይ ሆኖ ከተገኘ በራሱ ስም ወጥቶ ይጻፍ። የተጠቀለለው ነገር ቢታወቅ ኖሮ ውሳኔውን የሚለውጥ ከሆነ መጠቅለሉ ማቅለል ሳይሆን መደበቅ ነው።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። የገጹ ዋና ጥቅም የሚታየው «ግማሹን ብንሰጣችሁስ?» ሲባል ነው። ይህ ጥያቄ በየአዳራሹ ይመጣል፤ ያልተዘጋጀ አቅራቢ ወይ ይሟገታል ወይ እዚያው ቆሞ ሁሉንም መስመር በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው ይብሳል።

በግማሹ፣ ማለትም በ3 ሚሊዮን ብር፣ ምን ይሠራል? ጠለፋው 1.4 ሚሊዮን ይወስዳል፤ ግማሽ ጠለፋ የሚባል ነገር የለምና እሱ አይቀነስም። በሮቹና ቁጥጥሩ 0.4፣ መጠባበቂያው ወደ 0.3 ዝቅ ይላል። የሚቀረው 900,000 ብር ነው። አንድ ሜትር ቦይ 6,000 ብር ስለሚፈጅ 150 ሜትር ይገነባል። 450 ሜትሩ አፈር ሆኖ ይቀራል፤ ውሃው በደንብ ይጠለፋል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ይሰርጋል። የታችኞቹ ማሳዎች የሚያገኙት ከዛሬው ብዙም አይሻልም። በግማሽ ገንዘብ ግማሽ ጥቅም አልተገኘም ማለት ነው።

አሁን በ4.5 ሚሊዮን እንየው። በዚያው ስሌት ለቦዩ 2.4 ሚሊዮን ይተርፋል፤ 400 ሜትር ይሆናል። መሐንዲሱ አፈሩን ፈትሾ የላይኛው 400 ሜትር አሸዋማ፣ የታችኛው 200 ደግሞ ውሃ የሚይዝ መረሬ መሆኑን ካረጋገጠ፣ አብዛኛው ስርገት በዚህ ገንዘብ ይቆማል። ቀሪው 200 ሜትር ለከርሞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ገጹ ላይ ሦስት መስመር ይሰፍራል፦ በ5.9 ሚሊዮን ሙሉው፣ በ4.5 የሚያሰርገው ክፍል፣ በ3 ደግሞ ባይጀመር ይሻላል። ከፋይናንስ ውጭ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ ምክንያቱም አሁን የሚመርጠው ነገር አግኝቷል። «ታዲያ ውሃው ከታች ካሉት ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» የሚል ድምፅ ከተሰማ ገጹ ሥራውን ሠርቷል።

አቅራቢው ግን ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ መካከለኛውን ምርጫ ያስቀመጠው እውነት ስለሚሠራ ነው ወይስ ሙሉውን ለማስፈቀድ ሲል አጣሞ? አንዴ የተነቃበት ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ገጹንም የሚያምንለት አያገኝም።

ከምርቃቱ በኋላ የሚመጣው ወጪ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ግንባታው ካፒታል በጀት ነው፣ አንዴ ይወጣል፤ ደለል ማውጣት፣ በር ማደስ፣ ለውሃ አዳዩ መክፈል ግን በየዓመቱ ነው። ዓመታዊ ወጪው 60,000 ብር ቢሆን ለአንድ ቤት 500 ብር ይደርሳል። ይህን የሚከፍለው ወረዳው ሳይሆን የተጠቃሚዎች ማኅበር ነው፤ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ መሠረት አላቸው። በገራዶ ዓይነት ተዳፋት ሥር ያለ ቦይ ደለሉ ካልተጠረገ በጥቂት ክረምት ይደፈናል፣ ሲሚንቶውም አያድነውም። ስለዚህ 500 ብሩ ከ5.9 ሚሊዮኑ እኩል ጎልቶ ይጻፍ።

የመጨረሻው ቁጥር ቀን ነው። ዋጋው የተሰበሰበው መቼ ነው? የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ግምቱ ግን ከወራት በፊት የተሠራ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት ከውጭ ለሚገባ ብረትና ማሽነሪ የተያዘ ግምት ሁሉ መከለስ ነበረበት። ድንጋይና አሸዋ ከአካባቢው ስለሚወጣ የምንዛሪው ጫና በቀጥታ አይነካውም፤ የበሩ ላሜራ ግን ይነካዋል። ገጹ ላይ «ዋጋው የየካቲት ነው፤ ከፍ ካለ በመጠባበቂያው እንሸፍናለን፣ ከግማሽ ሚሊዮን ካለፈ ግን ተመልሰን እንመጣለን» ተብሎ ይጻፍ። ተመልሶ የሚመጣበትን ልክ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ሲመለስ እንደ ለማኝ አይታይም።

ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ ፈተናው ቀላል ነው። ከሙያው ውጭ ላለ አንድ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለት፣ ወረቀቱን ሳያሳዩት ለሌላ ሰው እንዲነግር ያድርጉት። ስንት እንደተጠየቀ፣ ማን ምን እንደሚያዋጣ፣ ቢቀነስ ምን እንደሚሆን ከተናገረ በቂ ነው። አንዱን ከዘለለ ያ ክፍል ይታረም፤ ቁጥር በመጨመር ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን በማስተካከል።

38 መስመሩ ዝርዝር አይጣልም። ግዥው የሚፈጸመው፣ ኦዲተሩም የሚመረምረው በእሱ ነው፤ የገጹ አራት ክምሮች የሕዝቡ ድርሻ ተጨምሮባቸው ከእሱ ጋር መግጠም አለባቸው። ስለዚህ በገጹ ግርጌ ዝርዝሩ በየትኛው ጽሕፈት ቤት፣ በማን እጅ እንዳለ ይጻፍ፤ በስብሰባው ቀንም ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።